በስህተት የተከፈለ ትርፍ ደመወዝን በእኩል ወርሃዊ ተቀናሽ ስለ መመለስ

በደመወዝ ዝግጅት ላይ በሚፈጠር ስህተት ለአንድ ሠራተኛ ከሚገባው በላይ ደመወዝ ለተከታታይ ወራት ሊከፈለው ይችላል። ሠራተኛው ወደ ቀድሞ የሥራ መደቡ ሲመለስ የደመወዝ መዝገቡ ሳይስተካከል መቅረቱ፣ የዕድገት ደብዳቤ ከሚጸናበት ቀን ቀድሞ መመዝገቡ ወይም አንድ ክፍያ ሁለት ጊዜ መግባቱ ከተለመዱት ምክንያቶች መካከል ናቸው። ስህተቱ ሲታወቅ ሁለት ጥያቄዎች አብረው ይነሣሉ። የመጀመሪያው ሠራተኛው መመለስ ያለበት ገንዘብ በትክክል ስንት ነው የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው በየወሩ ስንት ቢቀነስ ቀሪው ደመወዝ ለኑሮ ይበቃል የሚለው ነው።

ይህ ጽሑፍ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሚተዳደሩ ሠራተኞችና አሠሪዎች የተዘጋጀ ነው። የመንግሥት ሠራተኞችን የሚመለከተው ልዩነት ወደ መጨረሻው ተመልክቷል።

የሕጉ መነሻ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2164 መክፈል የማይገባውን የከፈለ ሰው ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ስለዚህ ስህተቱን የፈጠረው የአሠሪው የሂሳብ ክፍል መሆኑ ብቻ ትርፉን ክፍያ የሠራተኛው ንብረት አያደርገውም።

ሆኖም የመጠየቅ መብትና ከደመወዝ ላይ በራስ ውሳኔ የመቁረጥ ሥልጣን የተለያዩ ናቸው። የአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 አሠሪው ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ ሊቀንስ፣ ሊይዝ ወይም ሊያቻችል የሚችለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ መሠረት ሲሆን ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ብቻ መሆኑን ይገልጻል። በዚሁ አንቀጽ መሠረት በአንድ ጊዜ ከደመወዝ ላይ የሚቀነሰው ጠቅላላ ገንዘብ በማናቸውም ሁኔታ ከሠራተኛው ወርሃዊ ደመወዝ አንድ ሦስተኛ መብለጥ አይችልም።

«ጠቅላላ» የሚለው ቃል ትኩረት ይሻል። የአንድ ሦስተኛው ጣራ ለትርፍ ክፍያው ዕዳ ብቻ የተተወ ቦታ አይደለም። በደመወዝ መዝገቡ በኩል የሚከፈል የቁጠባና ብድር ማኅበር ብድር፣ በፍርድ ቤት የተወሰነ የልጅ ቀለብና ሌላም ተቀናሽ ካለ ሁሉም በዚያው ጣራ ሥር ይደመራል። በተግባር አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው የሂሳብ ክፍሉ አዲሱን ተቀናሽ ብቻውን ከጣራው ጋር ሲያነጻጽር ነው።

የሥራ ግብርና የጡረታ መዋጮ ከማንኛውም ሌላ ተቀናሽ አስቀድመው የሚነሡ ግዴታዎች ናቸው። ከፍ ባለ ደመወዝ ላይ ሁለቱ ብቻቸውን ከአንድ ሦስተኛ በላይ ሊሆኑ ስለሚችሉ በዚህ ጽሑፍ ስሌት በጣራው ሥር አልተደመሩም። ነገር ግን የሠራተኛውን የእጅ ገንዘብ ስለሚቀንሱ ከስሌቱ ውጭ ሊሆኑ አይችሉም። አሠራሩ ከዚህ በታች በምሳሌ ቀርቧል።

የምሳሌው መነሻ

ለማሳያ ያህል በባሕር ዳር ከተማ ጣና ዳር በሚገኝ አንድ ሆቴል በእንግዳ መቀበያ ክፍል የምትሠራ ሠራተኛን እንውሰድ። ወርሃዊ ደመወዟ 11,500 ብር ነው። በክረምቱ ወራት የፈረቃ ኃላፊውን ቦታ ሸፍና ስትሠራ 13,500 ብር እንዲከፈላት ተደረገ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ወደ መደቧ ተመለሰች፤ የመዝገቡ ቁጥር ግን አልተመለሰም። ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ለ8 ወራት 13,500 ብር ሲከፈላት ቆይቶ ስህተቱ በግንቦት ተገኘ።

ሠራተኛዋ ከዚህ ቀደም ሰጥታ በነበረው የጽሑፍ ፈቃድ መሠረት ለቁጠባና ብድር ማኅበር በየወሩ 1,500 ብር የብድር ክፍያና 500 ብር ቁጠባ፣ በድምሩ 2,000 ብር ይቀነስባታል።

የመጀመሪያው እርምጃ፦ የሚመለሰውን ገንዘብ መለየት

የሂሳብ ክፍሉ መጀመሪያ የሚያየው ልዩነት በወር 2,000 ብር፣ በ8 ወር 16,000 ብር ነው። ይህ ግን ለሠራተኛዋ የደረሳት ገንዘብ አይደለም። ከትርፉ ላይም የሥራ ግብርና የጡረታ መዋጮ ተቆርጧል። ሠራተኛዋ በእጇ ያልገባውን ገንዘብ እንድትመልስ እንዳይደረግ ሁለቱን ደመወዞች ጎን ለጎን አስልቶ የተጣራውን ልዩነት ማግኘት ያስፈልጋል።

በገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት ከ10,000 ብር በላይ እስከ 14,000 ብር ያለው ደመወዝ የሚገኝበት የማስከፈያ ልክ 30 በመቶ ሲሆን፣ በአጭሩ ስሌት ጠቅላላው ደመወዝ በ30 በመቶ ተባዝቶ 1,350 ብር ይቀነስለታል። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ ነው።

በትክክለኛው 11,500 ብር ደመወዝ ላይ ግብሩ 2,100 ብር፣ መዋጮው 805 ብር ስለሚሆን የተጣራው ክፍያ 8,595 ብር ነው። በተሳሳተው 13,500 ብር ላይ ግብሩ 2,700 ብር፣ መዋጮው 945 ብር ስለነበረ የተጣራው ክፍያ 9,855 ብር ነበር። ልዩነቱ በወር 1,260 ብር፣ በ8 ወር 10,080 ብር ይሆናል። ሠራተኛዋ የምትመልሰው ይህን ነው።

በ16,000 ብርና በ10,080 ብር መካከል ያለው 5,920 ብር የትም አልጠፋም። ከዚህ ውስጥ 4,800 ብር ለግብር ሰብሳቢው፣ 1,120 ብር ደግሞ በሠራተኛዋ ስም ለጡረታ ፈንዱ ገቢ ሆኗል። ሆቴሉ በራሱ በኩል በትርፉ ላይ የከፈለው 11 በመቶ የአሠሪ መዋጮም በ8 ወር 1,760 ብር ይደርሳል። እነዚህን ሂሳቦች ማስተካከል የአሠሪው ሥራ ነው። አሠሪው የስምንቱን ወራት የደመወዝ መዝገብና የማስተካከያ ስሌቱን አያይዞ ግብሩን በሚመለከት ለግብር ሰብሳቢው ባለሥልጣን፣ መዋጮውን በሚመለከት ደግሞ ለግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ያቀርባል። የማስተካከያው ሂደት መዘግየቱ ልዩነቱን ከሠራተኛዋ ደመወዝ ለመቁረጥ ምክንያት አይሆንም።

አሠሪው 16,000 ብር እንዲመለስ ጠይቆ ከሆነ ሠራተኛዋ የእያንዳንዱን ወር ጠቅላላ ደመወዝ፣ ግብር፣ መዋጮና የተጣራ ክፍያ የሚያሳይ መግለጫ መጠየቅ ትችላለች። በአዋጁ አንቀጽ 60 መሠረት አሠሪው ጠቅላላ ክፍያውን፣ የስሌቱን ዘዴ፣ የተቀነሰውን ገንዘብ ዓይነትና መጠን እንዲሁም የተጣራውን ክፍያ የሚያሳይ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አለበት። በባንክ ሂሳቧ በየወሩ የገባው ገንዘብም ስሌቱን ለማመሳከር ያገለግላል።

ሁለተኛው እርምጃ፦ በየወሩ ሊቀነስ የሚችለውን መጠን ማግኘት

የአከፋፈሉ ስሌት የሚጀምረው «በስንት ወር ያልቅ?» ከሚለው ጥያቄ ከሆነ ውጤቱ ብዙ ጊዜ ሠራተኛውን ይጎዳል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል መጀመሪያ በወር ሊቀነስ የሚችለውን ከፍተኛ መጠን ማግኘት፣ ከዚያም የወራቱን ብዛት ከእርሱ ማውጣት ነው።

የሕጉ ጣራ የሚሰላው ከትክክለኛው ደመወዝ ነው። የ11,500 ብር አንድ ሦስተኛ 3,833.33 ብር ነው። ከዚህ ላይ ነባሩ 2,000 ብር ሲቀነስ ለአዲሱ ዕዳ የሚተርፈው ቦታ 1,833.33 ብር ይሆናል። ሂሳብ ክፍሉ በስህተቱ ጊዜ የነበረውን 13,500 ብር መነሻ ቢያደርግ ጣራው 4,500 ብር ስለሚመስል ከሚገባው በላይ ቦታ ያለ ይመስላል። ስለዚህ ደመወዙ በመዝገቡ ላይ ከመስተካከሉ በፊት የተሠራ የተቀናሽ ሠንጠረዥ እንደገና መሠራት አለበት።

በሆቴልና መሰል ተቋማት ለሚሠሩ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ነጥብ አለ። የአዋጁ አንቀጽ 53 የትርፍ ሰዓት ክፍያን፣ አበልን፣ ጉርሻን እና ከደንበኞች የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያን ከደመወዝ ትርጉም ውጭ ያደርጋል። ስለዚህ አንድ ሦስተኛው ሲሰላ ሰርቪስ ቻርጅ አይደመርም። ይህ ለጣና ዳር ሆቴሎች ሠራተኞች ተግባራዊ ትርጉም አለው። በገናና በጥምቀት ሰሞን እንግዳ ሲበዛ ከፍ የሚለው የአገልግሎት ክፍያ በክረምት ዝቅ ይላል፤ በጥር ወር ገቢ ላይ የተመሠረተ ተቀናሽ በሐምሌ ሊከብድ ይችላል። በዚህ ምሳሌ የአገልግሎት ክፍያ በየትኛውም ስሌት ውስጥ አልተካተተም።

የሕጉ ጣራ ከፍተኛው ወሰን ነው፤ ሁልጊዜ እስከዚያ ድረስ መቀነስ አለበት ማለት ግን አይደለም። የእጅ ገንዘብ እጅግ እንዳያንስ ሁለተኛ መለኪያ መጨመር ይቻላል፤ ይኸውም አንድ ሦስተኛውን ከተጣራ ክፍያ ላይ ማስላት ነው። ይህ በሕግ የተጣለ ግዴታ ሳይሆን ሁለቱ ወገኖች ሊስማሙበት የሚችሉት ጥንቃቄ ነው። የ8,595 ብር አንድ ሦስተኛ 2,865 ብር ነው፤ ነባሩ 2,000 ብር ሲነሣ ለአዲሱ ዕዳ 865 ብር ይተርፋል።

ሦስተኛው እርምጃ፦ የወራቱን ብዛትና እኩል ክፍያውን መወሰን

ዕዳው በወር ሊቀነስ ለሚችለው መጠን ይካፈላል፤ ውጤቱ ሙሉ ቁጥር ካልሆነ ምንጊዜም ወደሚቀጥለው ከፍተኛ ቁጥር ይጠጋጋል። ወደ ታች ከተጠጋጋ ወርሃዊው ክፍያ ከወሰኑ በላይ ይሆናል።

በሕጉ ጣራ 10,080 ለ1,833.33 ሲካፈል 5.5 ገደማ ስለሚሆን ቢያንስ 6 ወር ያስፈልጋል። በጥንቃቄው መለኪያ 10,080 ለ865 ሲካፈል 11.65 ገደማ ስለሚሆን 12 ወር ያስፈልጋል። ከዚያም ዕዳው ለወራቱ እኩል ይከፋፈላል። ሦስት አማራጮችን ማነጻጸር ልዩነቱን ግልጽ ያደርገዋል።

- በ3 ወር ቢመለስ፦ በወር 3,360 ብር ይቀነሳል። ከነባሩ ጋር 5,360 ብር ስለሚሆን ከሕጉ ጣራ በላይ ነው፤ ለሠራተኛዋ የሚደርሳት 3,235 ብር ብቻ ነው።
- በ6 ወር ቢመለስ፦ በወር 1,680 ብር ይቀነሳል። ጠቅላላው ተቀናሽ 3,680 ብር በመሆኑ በሕጉ ጣራ ሥር ነው፤ የሚደርሳት 4,915 ብር ነው።
- በ12 ወር ቢመለስ፦ በወር 840 ብር ይቀነሳል። ጠቅላላው ተቀናሽ 2,840 ብር በመሆኑ በሁለቱም መለኪያ ሥር ነው፤ የሚደርሳት 5,755 ብር ነው።

ሁለተኛው አማራጭ ሕጋዊ ቢሆንም አንድ የተሸሸገ ጫና አለው። ሠራተኛዋ ለስምንት ወራት በእጇ ስታገኝ የቆየችው ከማኅበሩ ተቀናሽ በኋላ 7,855 ብር ነበር። ደመወዙ ሲስተካከል ብቻ ገቢዋ በ1,260 ብር ወርዶ 6,595 ብር ይሆናል። ተቀናሹ የሚጨመረው በዚህ ላይ ነው። በ6 ወር አማራጭ በአንድ ወር ውስጥ የእጅ ገንዘቧ ከ7,855 ብር ወደ 4,915 ብር ይወርዳል፤ በ12 ወር አማራጭ ወደ 5,755 ብር ይወርዳል። የቤት ኪራይዋንና ሌሎች ግዴታዎቿን በቀድሞው ገቢ መጠን አቅዳ ከሆነ ሁለቱ ቅናሾች በአንድ ጊዜ ይደርሱባታል። ስለሆነም ደመወዙን በግንቦት አስተካክሎ ተቀናሹን ከሰኔ መጀመር ለሠራተኛዋ አንድ ወር የመዘጋጃ ጊዜ ይሰጣል።

ከሰኔ የጀመረ የ12 ወር ተቀናሽ በቀጣዩ ዓመት ግንቦት ያበቃል። ጳጉሜን ራሱን የቻለ የደመወዝ ወር ስላልሆነ በዚያ ተቀናሽ አይኖርም። በስምምነቱ ላይ «12 ወር» ከማለት በተጨማሪ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ወር በስም መጻፉ አለመግባባትን ያስቀራል።

በምሳሌው 10,080 ብር ለ12 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ያለ ቀሪ በማይካፈልበት ጊዜ የመጨረሻው ወር ብቻ ይለያል። ለምሳሌ ዕዳው 10,000 ብር ቢሆን ለ11 ወራት 834 ብር፣ በ12ኛው ወር 826 ብር ይቀነሳል። ቀሪውን በመጨረሻ ወር ማስተካከል ሠራተኛው ከዕዳው በላይ እንዳይከፍል ያደርጋል።

አራተኛው እርምጃ፦ የጽሑፍ ስምምነት

በሥራ ደንብ ወይም በኅብረት ስምምነት የተለየ ድንጋጌ ከሌለና የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልቀረበ ተቀናሹ የሚቆመው በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ላይ ነው። ሠራተኛው መጠኑ በባዶ የተተወ የፈቃድ ቅጽ ላይ መፈረም የለበትም። ስምምነቱ ረጅም መሆን አያስፈልገውም፤ ለምሳሌው የሚሆን ጽሑፍ የሚከተለውን ሊመስል ይችላል፦

«ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ለ8 ወራት በደመወዝ መዝገብ ስህተት በተጣራ ስሌት ብር 10,080 (አሥር ሺህ ሰማንያ) በትርፍ የተከፈለኝ መሆኑን ከተያያዘው የስሌት መግለጫ አረጋግጫለሁ። ይህ ገንዘብ ከሰኔ ወር ጀምሮ እስከ ቀጣዩ ዓመት ግንቦት ወር ድረስ በየወሩ ብር 840 (ስምንት መቶ አርባ) ከደመወዜ ላይ እንዲቀነስ ተስማምቻለሁ። በማናቸውም ወር ጠቅላላው ተቀናሽ ከደመወዜ አንድ ሦስተኛ የሚበልጥ ሲሆን የዚያ ወር ክፍያ በሚበልጠው መጠን ተቀንሶ ልዩነቱ ወደ መጨረሻው ይተላለፋል። ዕዳው ሲያልቅ አሠሪው የማጠናቀቂያ ደብዳቤ ይሰጠኛል።»

የስሌት መግለጫው ከስምምነቱ ጋር ተያይዞ አንድ ቅጂ በሠራተኛው እጅ መቅረት አለበት። ሠራተኛው ገንዘቡ በትርፍ መከፈሉን ተቀብሎ በመጠኑ ወይም በአከፋፈሉ ላይ የማይስማማ ከሆነ ይህንኑ በጽሑፍ ገልጾ የራሱን የክፍያ ሐሳብ ማቅረብ ይችላል። ስምምነት ላይ ካልተደረሰ አሠሪው ያለው አማራጭ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ማቅረብ ነው።

በመካከል ሁኔታዎች ሲለወጡ

እኩል ተቀናሽ የሚጸናው ደመወዙና ሌሎች ተቀናሾች እንዳሉ እስከቀጠሉ ድረስ ነው። ከሁለቱ አንዱ ሲለወጥ ስሌቱ እንደገና መታየት አለበት።

የሕመም ፈቃድ ጥሩ ምሳሌ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሕመም ምክንያት ከሥራ የቀረ ሠራተኛ ለመጀመሪያው አንድ ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለሚቀጥሉት ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ክፍያ የላቸውም። የምሳሌዋ ሠራተኛ በግማሽ ደመወዝ ወራት የምታገኘው 5,750 ብር ነው፤ አንድ ሦስተኛው 1,916.67 ብር ነው። የማኅበሩ 2,000 ብር ብቻውን ይህን ስለሚያልፍ ለትርፍ ክፍያው ዕዳ የሚተርፍ ቦታ የለም። የሁለቱ ወራት 840 ብር ወደ ሠንጠረዡ መጨረሻ ይዛወርና ተቀናሹ በግንቦት ፈንታ በሐምሌ ያበቃል። የማኅበሩ ክፍያም በጣራው ልክ እንዲስተካከል ለማኅበሩ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

የሥራ ውሉ ዕዳው ሳያልቅ ቢቋረጥ ቀሪው ዕዳ ከመጨረሻው ክፍያ ጋር አብሮ ይነሣል። አዋጁ ውሉ ሲቋረጥ ለሠራተኛው የሚገባው ክፍያ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲፈጸም ያዛል፤ ሆኖም ሠራተኛው ከአሠሪው የተረከበውን ንብረት ወይም የሚፈለግበትን ገንዘብ በራሱ ጥፋት ሳይመልስ ሲዘገይ ይህ ጊዜ ሊራዘም ይችላል። ስለዚህ ሥራ ለመልቀቅ ያሰበ ሠራተኛ ቀሪውን ዕዳ የሚያሳይ መግለጫ አስቀድሞ ጠይቆ አከፋፈሉን በጽሑፍ ቢወስን ክፍያው ሳይጓተት ይደርሰዋል።

ያለአግባብ የተቀነሰበት ሠራተኛ ምን ያደርጋል?

ሦስት ምልክቶች ፈጥነው ሊታዩ ይገባል። አንደኛው ሠራተኛው ያልፈረመበት ተቀናሽ በክፍያ መግለጫው ላይ መታየቱ ነው። ሁለተኛው በወሩ የተቀነሰው ድምር ከደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጡ ነው። ሦስተኛው የመጨረሻው ወር ካለፈ በኋላ ተቀናሹ መቀጠሉ ነው፤ ይህ የሚሆነው የደመወዝ መዝገቡ የማብቂያ ወር ሳይሞላበት ሲቀር ሲሆን ከመጀመሪያው ስህተት ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ ተጎጂው ሠራተኛው መሆኑ ነው።

ሠራተኛው በመጀመሪያ ለሂሳብ ክፍሉና ለሰው ሀብት ክፍሉ በጽሑፍ አመልክቶ የተቀበሉበትን ቀን የሚያሳይ ቅጂ ይይዛል። መፍትሔ ካላገኘ በአካባቢው ለሚገኘው የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማመልከት ወይም ጉዳዩን ለፍርድ ቤቱ የሥራ ክርክር ችሎት ማቅረብ ይችላል። ሲቀርብ የሥራ ውሉን፣ ስምምነት ካለ ቅጂውን፣ ትርፍ ከተከፈለበት የመጀመሪያ ወር ጀምሮ ያሉትን የክፍያ መግለጫዎችና የባንክ ሂሳብ እንቅስቃሴውን ይይዛል። በመዝገቡ ላይ የተመለከተውን ክፍያ ሳይቃወም ፈርሞ መቀበሉ የጎደለውን የመጠየቅ መብቱን እንደተወ አያስቆጥረውም። ነገር ግን የደመወዝና መሰል ክፍያዎች ጥያቄ ክፍያው መፈጸም ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። በ12 ወር ሠንጠረዥ ላይ የመጀመሪያዎቹ ወራት ስህተት እስከ መጨረሻው ድረስ ተጠብቆ ቢነሣ ጊዜው አልፎበት ሊገኝ ስለሚችል ቅሬታው ስህተቱ በታየበት ወር መቅረብ ይኖርበታል።

የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በራሳቸው አዋጅ ነው። በባሕር ዳር በክልሉ መሥሪያ ቤቶች የሚሠሩት በክልሉ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ፣ በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ቅርንጫፎች የሚሠሩት በፌዴራሉ አዋጅ ይመራሉ። የተጣራውን ዕዳ የመለየትና የወራቱን ብዛት የማውጣት ስሌት ለእነርሱም ያገለግላል፤ የሚለየው የቅሬታው መንገድ ነው። ቅሬታው መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የቅሬታ አጣሪ ኮሚቴ ይቀርባል፤ በውሳኔው ያልረካ ሠራተኛ ለአስተዳደር ፍርድ ቤት ይግባኝ ይላል።

ዕዳው በተጠናቀቀበት ወር ሠራተኛው የማጠናቀቂያ ደብዳቤ ተቀብሎ ከስምምነቱ ቅጂ ጋር ማስቀመጥ፣ በሚቀጥለው ወርም የክፍያ መግለጫውን ማየት ይኖርበታል። በምሳሌው ከግንቦት በኋላ ባለው የሰኔ ወር ለሠራተኛዋ የሚደርሳት ገንዘብ፣ ደመወዟና የማኅበሩ ተቀናሽ ካልተለወጡ፣ ወደ 6,595 ብር መመለስ አለበት። 5,755 ብር ከሆነ ተቀናሹ አልቆመም ማለት ነው።